ለወራት ተኝቶ በመጀመሪያው ዝናብ የሚነቃ መሣሪያ፦ በሪሞት ባትሪ የሚሠራ የዝናብ ጠቋሚ አሠራር

በጅማ ዙሪያ የቡና እጥበት ሥራ በሚደምቅባቸው በጥቅምትና በኅዳር ወራት ከሰዓት በኋላ ደመና ሳይታሰብ ተሰብስቦ ሊዘንብ ይችላል። ታጥቦ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ግማሽ መንገድ ደርቆ እንደገና ከራሰ ጥራቱ ስለሚጎዳ፣ ሠራተኞቹ ሸራውን ለመዘርጋት የሚያገኟቸው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ትልቅ ዋጋ አላቸው። በአጋሮ መንገድ ለሚገኝ አንድ የእጥበት ጣቢያ የሠራሁት መሣሪያ ሥራው ይኸው ነው። ከሚዛን ቤቱ ርቀው በተዳፋቱ ላይ ከተደረደሩት አልጋዎች አጠገብ ቆሞ ዝናብ መጀመሩን ያውቃል፤ በሬዲዮም ሚዛን ቤት ያለውን ደወል ያስጮኻል። አልጋዎቹ አጠገብ መብራት የለም፤ ስለዚህ መሣሪያው የሚኖረው በተለምዶ የሪሞት ባትሪ በምንላቸው ሁለት ትሪፕል ኤ አልካላይን ባትሪዎች ነው። እነዚህ ባትሪዎች አንድ ሙሉ የቡና ወቅት ሳይቀየሩ እንዲዘልቁ የሚያደርጋቸው ምን እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሚበላሽና ብልሽቱም እንዴት እንደሚታወቅ ከዚህ በታች አብራራለሁ።

መሣሪያው አራት ነገሮች አሉት። አንደኛው የዝናብ መለኪያው ሲሆን፣ ከማሰባሰቢያው ጉሮሮ ሥር እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ የሚገለበጥ ሁለት ጎን ያለው ትንሽ ማንኪያ ይዟል። አንዱ ጎን ሲሞላ ተገልብጦ ውኃውን ይደፋል፤ በዚያው ቅጽበት በማንኪያው ላይ የተለጠፈች ማግኔት በሪድ ስዊች ፊት ታልፋለች፤ ስዊቹም ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይዘጋና ይከፈታል። የእኔ መለኪያ አፉ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነና እያንዳንዱ ግልበጣ 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስለሚወክል፣ አንድ ግልበጣ ማለት 4 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው። ሁለተኛው ኤቲሜጋ328ፒ የተባለው ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ በውስጣዊ ሰዓቱ በ4 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ሦስተኛው ኤስኤክስ1276 ቺፕ ያለው የሎራ ሬዲዮ ሲሆን አራተኛው ባትሪው ነው። ገበያ ላይ ተገጣጥሞ የሚሸጠውን የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ አልተጠቀምኩም፤ ምክንያቱም በላዩ ላይ ያሉት የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ፣ የዩኤስቢ ቺፕና ዘወትር የምትበራው መብራት ዋናው ቺፕ ቢተኛም እነርሱ አይተኙም።

ስሌቱን ከባትሪው እንጀምር። የትሪፕል ኤ አልካላይን ባትሪ አቅም 1000 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ነው፤ ቮልቴጁ እየወረደ ሲሄድ የመጨረሻው ክፍል ስለማይጠቅመን 800 ብለን እንያዝ። ሁለቱ በተከታታይ ሲገናኙ ቮልቴጁ እንጂ አቅሙ እጥፍ አይሆንም። ማይክሮኮንትሮለሩ በ3 ቮልትና በ4 ሜጋኸርዝ ነቅቶ ሲሠራ ወደ 2 ሚሊአምፔር ይወስዳል። 800 ለ2 ሲካፈል 400 ሰዓት፣ ማለትም ከ17 ቀን ያነሰ ጊዜ ይሆናል። ይህም ቺፑ ምንም ጠቃሚ ሥራ ሳይሠራ፣ «ዘነበ ወይስ አልዘነበም?» እያለ ራሱን በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ በመጠየቅ ብቻ የሚያጠፋው ነው።

ይህን ጥያቄ የሚያስቀረው እንቅልፍ ነው። በዚህ ቺፕ ላይ ስድስት የእንቅልፍ ደረጃዎች አሉ፤ ለእኛ ጉዳይ ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ይበቃል። ቀላሉ እንቅልፍ ትእዛዝ የሚፈጽመውን ክፍል ብቻ ያቆማል፤ ሰዓት ቆጣሪዎቹና የመገናኛ ክፍሎቹ ይቀጥላሉ፤ ፍጆታውም 0.3 ሚሊአምፔር አካባቢ ይሆናል። ጥልቁ እንቅልፍ፣ በፕሮግራም ውስጥ `SLEEP_MODE_PWR_DOWN` ተብሎ የሚጻፈው፣ ዋናውን ሰዓት ጭምር ያቆመዋል። በዚህ ጊዜ የሚቀረው ዋችዶግ የተባለው ቀርፋፋ የራሱ ሰዓት ያለው ቆጣሪ ብቻ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር ጠቅላላ ፍጆታው በ3 ቮልት ወደ 4 ማይክሮአምፔር ይወርዳል። አንድ ማይክሮአምፔር የሚሊአምፔር አንድ ሺህኛ ስለሆነ፣ ከነቃው ሁኔታ ጋር ያለው ልዩነት አምስት መቶ እጥፍ ገደማ ነው ማለት ነው። በማስታወሻው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እንዳለ ይቆያል፤ ሲነቃም ፕሮግራሙ ካቆመበት መስመር ቀጥሎ ካለው ይቀጥላል። (ሌሎች ቺፖች ሁሉ እንዲህ አይደሉም፤ ለምሳሌ ኢኤስፒ32 ከጥልቅ እንቅልፉ ሲነቃ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ፕሮግራም የሚያዛውር ሰው ይህን ልብ ማለት አለበት።)

ሰዓቱ የቆመ ቺፕ ታዲያ ዝናቡን በምን ያውቃል? ብዙ ጀማሪዎች የሚመርጡት መንገድ በየስምንት ሰከንዱ በዋችዶጉ እየነቁ ስዊቹን ማየት ነው፤ ስምንት ሰከንድ ይህ ቆጣሪ ሊቆይ የሚችለው ረጅሙ ጊዜ ነው። ለሙቀት መለኪያ ይህ ይሠራል፤ ሙቀት ቀስ ብሎ የሚለወጥ ነገር ነውና። ለእኛ ማንኪያ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ምክንያቱም ስዊቹ ተዘግቶ የሚቆየው ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ በየስምንት ሰከንዱ ብቅ የሚል ዓይንም ከሰማንያ ግልበጣ አንዱን ቢያይ ነው። ስለዚህ ቺፑ ስዊቹን እንዲጠይቅ ሳይሆን ስዊቹ ቺፑን እንዲቀሰቅሰው ማድረግ ያስፈልጋል። ኢንተራፕት የምንለው ይኸው ነው፤ በአንድ የቺፑ እግር ላይ ለውጥ ሲደርስ ሰዓት የማይፈልግ ትንሽ የውስጥ ዑደት ቺፑን ያነቃዋል፤ ቺፑም መጀመሪያ ለዚያ ጉዳይ የተጻፈውን አጭር ክፍል ይፈጽምና ወደ ዋናው ፕሮግራም ይመለሳል።

የኢንተራፕቱ ዓይነት ምርጫ ላይ ትንሽ እንቆይ። ቺፑ እግሩ ዝቅ ብሎ እስከቆየ ድረስ የሚጠራ ዓይነት አለው፤ እግሩ በተለወጠ ቁጥር ብቻ የሚጠራም አለው። የመጀመሪያውን ብንመርጥ አደጋው የሚመጣው ዝናቡ ሲቆም ነው። ማንኪያው አንዳንድ ጊዜ ግማሽ ተሞልቶ፣ ወይም ቅጠልና ሸረሪት ድር ይዞት፣ ማግኔቷ ከስዊቹ ፊት እንደቆመች ይቀራል። ያን ጊዜ እግሩ ዝቅ እንዳለ ስለሚቆይ ጥሪው ያለማቋረጥ ይደጋገማል፤ ቺፑም ለአፍታ ሳይተኛ ባትሪውን ይጨርሳል። ለውጥን ብቻ የሚያየው ዓይነት ግን አንድ ጊዜ ጠርቶ ዝም ይላል፤ ስለዚህ የመረጥኩት እርሱን ነው። እያንዳንዱ ግልበጣ ሲዘጋና ሲከፈት ሁለት ለውጥ ስለሚሰጥ፣ የብረት ምላሶቹም ሲነካኩ ለጥቂት ጊዜ ስለሚንቀጠቀጡ፣ ፕሮግራሙ ከነቃ በኋላ 20 ሚሊ ሰከንድ ጠብቆ እግሩን ያነባል፤ ዝቅ ብሎ ካገኘው ብቻ አንድ ግልበጣ ይቆጥራል።

ስዊቹ ክፍት ሲሆን እግሩን ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ከፍ አድርጎ የሚይዘው ሬዚስተርም የራሱ ጣጣ አለው። በቺፑ ውስጥ ያለው ከ20 እስከ 50 ኪሎኦም ስለሆነ ስዊቹ ተዘግቶ ከቀረ ከ60 ማይክሮአምፔር በላይ ያፈሳል፤ ይህም ከመሣሪያው ሙሉ የእንቅልፍ ፍጆታ በአሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ከውጭ 1 ሜጋኦም ቢደረግ ፍሳሹ ወደ 3 ማይክሮአምፔር ይወርዳል፤ ነገር ግን የጅማ የጠዋት ጤዛ በቦርዱ ላይ ሲያርፍ እርጥበቱ ራሱ ከዚያ ሬዚስተር ጋር የሚፎካከር መንገድ ይፈጥርና ዝናብ ሳይኖር ደወሉ ይጮኻል። እኔ 100 ኪሎኦም ላይ ረጋሁ፤ ቦርዱንም በቫርኒሽ ቀባሁት።

አሁን ሙሉውን ፍጆታ በአንድ ላይ እንመልከት። በእንቅልፍ ጊዜ ማይክሮኮንትሮለሩ ከዋችዶጉ ጋር 4፣ ሬዲዮው ደግሞ በእንቅልፉ ከ1 ማይክሮአምፔር በታች ይወስዳል፤ ለጥንቃቄ በድምሩ 6 እንበል። መሣሪያው በሕይወት መኖሩ እንዲታወቅ በየሰዓቱ አንድ አጭር መልእክት ይልካል። በምጠቀምበት ቅንብር 20 ባይት መልእክት ለመላክ ሬዲዮው ወደ 60 ሚሊ ሰከንድ ያህል 90 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ይህ ትልቅ ቁጥር ሰውን ያስደነግጣል፤ ነገር ግን 90 ሚሊአምፔር በ0.06 ሰከንድ ሲባዛ 5.4 ነው፤ መዘጋጃውን ጨምረን 6 ብንለውና በሰዓት ውስጥ ላሉት 3600 ሰከንዶች ብናካፍለው አማካዩ 1.7 ማይክሮአምፔር ብቻ ይሆናል። በዝናብ ቀን ደግሞ ደወሉን በመጀመሪያው ግልበጣ ወዲያው እንልካለን፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ እስከቀጠለ ድረስ በየአሥር ደቂቃው እናድሳለን። ቀኑን ሃያ መልእክት ቢላክ ከ1.5 ማይክሮአምፔር አያልፍም። በጠቅላላው 10 ማይክሮአምፔር እንኳ አልሞላም።

ከዚህ ስሌት የምንማረው ብዙዎች ከሚገምቱት ተቃራኒ ነው። ባትሪውን የሚጨርሰው ሬዲዮው የሚናገርበት ቅጽበት ሳይሆን መሣሪያው ዝም ብሎ የተኛበት ረጅም ጊዜ ነው። በጓሮ የቆመ ሮቶ ውኃው የሚያልቀው ጠዋት በሚቀዳው ባልዲ ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ በምትንጠባጠበው ቧንቧ እንደሚሆነው ማለት ነው። ስለዚህ በእንቅልፍ ጊዜ ያለች አሥር ማይክሮአምፔር ትርፍ ፍሳሽ በቀን አሥር መልእክት ከመጨመር ይልቅ የበለጠ ትጎዳለች።

በወረቀት ላይ 800 ሚሊአምፔር ሰዓት ለ10 ማይክሮአምፔር ሲካፈል ዘጠኝ ዓመት ይሰጣል። ይህን ቁጥር ለማንም ቃል መግባት አይገባም፤ ምክንያቱም ባትሪው ሳይነካም በራሱ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ውጭ በሚውል ሣጥን ውስጥ ያረጀ አልካላይን ባትሪም የሚያዝግ ፈሳሽ አፍስሶ መያዣውን ይበላል። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ለአንድ ወቅት ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ትርፍ ይሰጠናል። ታዲያ ከዚህም ያነሰ የሰዓት ባትሪ ለምን አይሆንም ለሚል ሰው መልሱ በመላኪያው ቅጽበት ውስጥ ነው። ክቧ 3 ቮልት የሊቲየም ባትሪ የውስጥ ተቃውሞዋ አሥር ኦሞችን የሚያልፍ ነው፤ ተቃውሞው 20 ኦም ሲደርስ በ90 ሚሊአምፔር 1.8 ቮልት ውስጧ ይቀራል፤ ለቺፑ የሚደርሰው 1.2 ቮልት ብቻ ስለሚሆን መልእክቱ ሳያልቅ ቺፑ ይጠፋል።

የመጀመሪያው መሣሪያዬ ግን ዘጠኝ ዓመት ቀርቶ አንድ ወር አልሞላውም፤ በሃያኛው ቀን ገደማ የየሰዓቱ መልእክት ተቋረጠ። ባትሪዎቹን ቀይሬ ፕሮግራሙን ደጋግሜ አነበብኩ፤ ቺፑ እንደሚተኛ እርግጠኛ ነበርኩ፤ በእርግጥም ይተኛ ነበር። ያልተኛው ሬዲዮው ነበር። ይህ ሬዲዮ መብራት ሲያገኝ የሚጀምረው በመጠባበቂያ ሁኔታ ነው፤ መልእክት ልኮ ሲጨርስም ራሱ የሚመለሰው ወደ እንቅልፍ ሳይሆን ወደዚያው መጠባበቂያ ነው። በመጠባበቂያ 1.6 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ 800 ለ1.6 ሲካፈል 500 ሰዓት፣ ሃያ አንድ ቀን ነው። ስሌቱን ቀደም ብዬ ብሠራው ኖሮ የሞተበት ቀን ራሱ ጥፋተኛውን ይነግረኝ ነበር። መድኃኒቱ ከእያንዳንዱ መልእክት በኋላ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው፤ በምጠቀምበት ላይብረሪ `LoRa.sleep();` ይባላል። ከዚህ በኋላ ሁለት ሌሎች የተደበቁ ፈሳሾችን አገኘሁ። አናሎግ መለኪያው ክፍል ሳይዘጋ ከተተኛ በጥልቁ እንቅልፍም ውስጥ መሥራቱን ስለሚቀጥል በ`ADCSRA = 0;` መዘጋት አለበት፤ የቮልቴጅ መውረድ ጠባቂው ደግሞ ወደ 20 ማይክሮአምፔር ስለሚወስድ በእንቅልፉ ጊዜ ብቻ እንዲያርፍ ይደረጋል።

እንዲህ ያለውን ነገር በዓይን ማየት ስለማይቻል መለካት ግድ ነው። ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የያዘው ርካሽ ቴስተር ለዚህ ይበቃል፤ ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለው። በ200 ማይክሮአምፔር መስመሩ ላይ በውስጡ ያለው ሬዚስተር 1 ኪሎኦም ያህል ነው። መሣሪያው ሲነሳና ሲልክ የሚፈልገው ብዙ ሚሊአምፔር በዚያ ውስጥ ማለፍ ስለማይችል ቺፑ ይጠፋና እንደገና ይነሳል፤ እንደገናም ይጠፋል፤ ቴስተሩም ትርጉም የሌለው ቁጥር ያሳያል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቴስተሩን በባትሪው ፖዘቲቭ መስመር ላይ በተከታታይ ካስገባን በኋላ ሁለቱን ጫፎቹን በአጭር ሽቦ እናገናኛለን፤ መሣሪያው ተነስቶ የመጀመሪያ መልእክቱን ልኮ እስኪተኛ ጠብቀን ሽቦውን እንነቅላለን። ከዚያ በኋላ የሚታየው ቁጥር የእንቅልፉ ፍጆታ ነው። በእኔ ላይ ከመስተካከሉ በፊት ቴስተሩ ከመስመሩ በላይ መሆኑን አሳየ፤ ከተስተካከለ በኋላ 5 እና 6 መካከል ቆመ። ቁጥሩ ሬዲዮው ሲነቀል ብዙ ከቀነሰ ፍሳሹ በሬዲዮው በኩል ነው፤ ካልቀነሰ በቺፑ ቅንብር ወይም ከምንም ጋር ሳይገናኙ በተንጠለጠሉ እግሮች በኩል ይፈለጋል።

ፍጆታው ከተስተካከለ በኋላ የቀረው አስቸጋሪ ስሕተት ስለ ባትሪ ሳይሆን ስለ ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ ከመተኛቱ በፊት «ግልበጣ አለ?» ብሎ ኢንተራፕቱ የሚያነሳውን `tip` የተባለ ምልክት ያያል፤ ከሌለ ይተኛል። ግልበጣው የመጣው በማየቱና በመተኛቱ መካከል ቢሆንስ? ኢንተራፕቱ ተፈጽሞ ምልክቱ ይነሳል፤ ፕሮግራሙ ግን አስቀድሞ «የለም» ብሎ ስለወሰነ ምልክቱን ሳያይ ይተኛል። ስዊቹ ወዲያው ተከፍቶ በሁለተኛው ለውጥ ካልቀሰቀሰው፣ ዋችዶጉ ካለ ደወሉ እስከ ስምንት ሰከንድ ይዘገያል፤ ዋችዶግ በሌለበት መሣሪያ ግን እስከሚቀጥለው ግልበጣ ድረስ ዝም ይላል፤ በካፊያ ጊዜ ይህ ብዙ ደቂቃ ሊሆን ይችላል። መከላከያው የሚከተለው ቅደም ተከተል ነው፦

```c
cli();
if (!tip) {
  sleep_enable();
  sleep_bod_disable();
  sei();
  sleep_cpu();
  sleep_disable();
}
sei();
```

`cli()` ኢንተራፕቶችን ያግዳል፤ በዚህ ጊዜ የሚደርስ ግልበጣ አይጠፋም፤ በቺፑ ውስጥ ተመዝግቦ ተራውን ይጠብቃል። ምልክቱን የምናየው ከዚህ እገዳ በኋላ ነው። `sei()` እገዳውን ያነሳል፤ ቁልፉ ነገር ግን በዚህ የቺፕ ቤተሰብ ከ`sei` ቀጥሎ ያለው አንድ ትእዛዝ ከማንኛውም ተራ ጠባቂ ኢንተራፕት በፊት እንደሚፈጸም በአሠራሩ የተረጋገጠ መሆኑ ነው። ያ አንድ ትእዛዝ እንቅልፉ ራሱ ነው። ስለዚህ ተራ የሚጠብቅ ግልበጣ ካለ ቺፑ ወደ እንቅልፍ ገብቶ ወዲያው ይነቃል፤ ለመንሸራተት ክፍተት የለም። በሁለቱ መካከል ሌላ መስመር የሚያስገባ ሰው ይህን ዋስትና ያፈርሰዋል። የቮልቴጅ ጠባቂውን የሚያሳርፈው `sleep_bod_disable()` ደግሞ ውጤቱ ለጥቂት የሰዓት ምቶች ብቻ ስለሚቆይ ከእንቅልፉ ሊርቅ አይገባም።

ክፍተቱ የማይክሮ ሰከንዶች ስለሆነ በጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ስሕተት ያለበት ፕሮግራምም ደህና ይመስላል። እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ክፍተቱን ሆን ብሎ ማስፋት ነው፤ ምልክቱ ከሚታይበት `if` ቀጥሎ፣ ከ`sleep_enable` በፊት፣ የአንድ ሰከንድ መዘግየት ከአንዲት መብራት ጋር አስገባለሁ፤ መብራቷ በበራችበት ሰከንድ ማንኪያውን በጣቴ ገፍቼ ማግኔቷ ከስዊቹ ፊት እንደቆመች እይዘዋለሁ። በተሳሳተው ቅደም ተከተል መሣሪያው ዝም ብሎ ይተኛል፤ በትክክለኛው ሰከንዱ እንዳለቀ መልእክቱን ይልካል። ከዚህ በኋላ መዘግየቱንና መብራቷን አውጥቼ 400 ሚሊ ሊትር ውኃ በቀጭን ቱቦ ቀስ እያልኩ ወደ መለኪያው አንጠባጥባለሁ፤ ቆጠራው ከመቶ ብዙ ከራቀ ችግሩ በ20 ሚሊ ሰከንዱ ጥበቃ ወይም በስዊቹና በማግኔቷ ርቀት ላይ ይፈለጋል።

የዋችዶጉ ሰዓት ትክክለኛ አለመሆኑንም መጥቀስ ይገባል። በሙቀትና በቮልቴጅ ስለሚዋዥቅ «የየሰዓቱ» መልእክት አንዳንዴ ከስድሳ ደቂቃ ቀድሞ አንዳንዴም ዘግይቶ ይመጣል። ለሕይወት ምልክት ይህ አያስቸግርም፤ ትክክለኛ ሰዓት የሚፈልግ ግን በ32.768 ኪሎኸርዝ ክሪስታል የሚሠራ የሰዓት ቺፕ ጨምሮ የእርሱን ማንቂያ እንደ ሁለተኛ ኢንተራፕት ሊያገናኘው ይችላል።

በየሰዓቱ መልእክት ውስጥ የባትሪው ቮልቴጅ አብሮ ይላካል። ይህን ቮልቴጅ መሣሪያው ገና ሲነቃ መለካት ያታልላል፤ የደከመ አልካላይን ባትሪ ካረፈ በኋላ ቮልቴጁ ተመልሶ ስለሚያንሰራራ ደህና ይመስላል፤ ሬዲዮው 90 ሚሊአምፔር ሲጠይቀው ግን ይወድቃል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚለካው ሬዲዮው መልእክቱን እየላከ ባለበት ቅጽበት ነው፤ ያገኘውንም በሚቀጥለው ሰዓት መልእክት ውስጥ ያስገባዋል፤ ወዲያውም አናሎግ መለኪያውን መልሶ ይዘጋል። ቺፑም ሬዲዮውም ዝቅተኛ ገደባቸው 1.8 ቮልት ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር 2.1 ሲደርስ ሚዛን ቤት ያለው ሰው ሁለቱንም ባትሪዎች በአንድ ላይ ይቀይራል፤ አዲስና አሮጌ አይቀላቅልም።